ውኃ ሳይነካው የተሰነጠቀው ማጠራቀሚያ

ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ከተማ፣ 500 ሜትር ኩብ የሚይዝ ክብ የውኃ ማጠራቀሚያ ነድፌ ነበር። የውስጥ ስፋቱ 12 ሜትር፣ የውኃው ከፍታ 4.5 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያው የግድግዳ አርማታ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተሞላ። በሳምንቱ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ደወለልኝና «ና፣ ግድግዳህን እይ» አለኝ። «ግድግዳህን» ያለበት ድምፅ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ዙሪያውን ስንቆጥር ዘጠኝ ስንጥቆች አገኘን። ሁሉም ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብለው ይጀምራሉ፣ ወደ መሃል ሲደርሱ ይሰፋሉ፣ ጫፍ ሳይደርሱ ይጠፋሉ። የመለኪያ ካርዱን ስናስጠጋ ሰፊው 0.3 ሚሊ ሜትር ሆነ።

ተቆጣጣሪው የስሌት ሰነዴን ይዞ ነበር። ገጹን ገልጦ ጣቱን በአንድ አረንጓዴ ሳጥን ላይ አሳረፈ። «እዚህ ላይ ‹ግድግዳው አይሰነጠቅም› ብለሃል። ታዲያ በየትኛው ጭነት ተሰነጠቀ?»

መልስ አልነበረኝም። የሳጥኑን ሒሳብ ግን በቃሌ አውቀው ነበር። ውኃው ክቡን ግድግዳ ወደ ውጭ ሲገፋው፣ ግድግዳው ዙሪያውን ይወጠራል። ከወለሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከፍተኛው ውጥረት የሚመጣው ከግማሹ ዝቅ ብሎ ነው፤ በአንድ ሜትር ከፍታ 142 ኪሎ ኒውተን ያህል። ይህን ለግድግዳው ውፍረት ስናካፍለው በአርማታው ላይ የሚያርፈው መሳሳብ 0.57 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። የዚያ አርማታ አቅም 2.6 ነው። አቅሙን ሩብ እንኳን ስለማይነካ፣ ስንጥቅ ከሌለ የስንጥቅ ስፋት ማስላት ለምን አስፈለገ ብዬ አለፍኩት። ሒሳቡ ትክክል ነበር። አሁንም ትክክል ነው።

አንዱን ጎን ሲዳብሱ የቆዩት ፎርማን ናቸው ጸጥታውን የሰበሩት። ዕድሜያቸው ከሁለታችንም ይበልጣል፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

«ኢንጂነር፣ ይሄ እንኳን ውኃ ዝናብም አላገኘውም» አሉ። «ካሳፎርማውን በማግስቱ ማታ ስናነሳ ግድግዳው እንደ ምጣድ ይግል ነበር። ሌሊት ውርጭ ወረደ። ብረትም ቢሆን ይሰበሰባል እንኳን አርማታ። ወለሉ ግን ከተሞላ ወር ከምናምን ሆኖታል፤ ደርቆ ቁጭ ብሏል። እንዴት ብሎ አብሮት ይሰብሰብ?»

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ሰውየው ባንድ ትንፋሽ የተናገሩት እኔ ዲግሪ ያገኘሁበት ነገር ነው፤ የረሳሁት ደግሞ እሱን ነው። ሲሚንቶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ግድግዳው ሞቆ እያለ ይጠነክራል፤ ሲቀዘቅዝ ሊያጥር ይፈልጋል፤ ወለሉ ከሥር ይዞ አይለቀውም። ደግሞ በሦስት ቀኑ ያ አርማታ የሚችለው መሳሳብ 2.6 ሳይሆን ወደ 1.6 ገደማ ነው። ውኃ ሊያመጣው የማይችለውን ስንጥቅ ብርድ በአንድ ሌሊት አመጣው።

ቤቴ ገብቼ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አሰላሁ። መጀመሪያ ዝቅተኛውን የፌሮ መጠን አየሁ፤ ማለትም አርማታው በተሰነጠቀበት ቅጽበት ይዞት የነበረውን ጉልበት ሳይረታ የሚረከብ ፌሮ ስንት ነው? 1.6ን በ25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አባዝቼ ለፌሮው ጥንካሬ፣ ለ400 ሜጋ ፓስካል፣ ሳካፍል፣ በአንድ ሜትር ከፍታ 1,000 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ፊት 500 ወጣ። የተሠራው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ 393 ብቻ። ፌሮው ለስንጥቁ ስለማይበቃ፣ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች በመሆን ፈንታ ጥቂት ሰፋፊዎች ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። መጀመሪያ የሳልኩት ባለ 10 በየ15 ሴንቲ ሜትር ነበር። ይህም 524 ይሰጣል፤ ዝቅተኛውን ያልፋል። «ለጥንካሬ ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ የሰው ገንዘብ አታባክን» ብሎ ወደ 20 ያሰፋብኝ ከእኔ በላይ ይፈርም የነበረ ሰው ነው። የስንጥቁ ዜና ሲደርሰው መጀመሪያ የጠየቀው «ሥዕሉን ማን ነው የፈረመው?» ብሎ ነው። ዛሬ ወጣት መሐንዲሶችን ስለ ዝቅተኛ ፌሮ እንደሚያስተምር ሰምቻለሁ። መልካም ነው።

ለዓመታት ታሪኩን እዚህ ላይ እያቆምኩ ነው ያወራሁት። የቀረው ግን ለእኔ አይመችም።

ውል ላይ የነበረው የአውሮፓ የአርማታ ንድፍ መስፈርት፣ ዩሮኮድ 2 ክፍል 3፣ የሚፈቀደውን የስንጥቅ ስፋት ከውኃው ከፍታና ከግድግዳው ውፍረት ንጽጽር ጋር ያያይዘዋል። ንጽጽሩ 5 እና ከዚያ በታች ከሆነ 0.2 ሚሊ ሜትር፣ 35 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 0.05፤ በመካከል ቀጥታ መስመር ነው። የእኔ 4.5 ለ0.25፣ ማለትም 18 ነው፤ የሚፈቀደው 0.135 ይሆናል። እኔ ግን ለሁሉም ማጠራቀሚያ 0.2 የምትል ቁጥር ከትምህርት ቤት ይዤ ወጥቼ ነበር።

ስፋቱን ማስላቱ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ በስንጥቆች መካከል ያለውን ርቀት፣ ወለሉ ከከለከለው ማጠር ጋር ማባዛት ነው። ግድግዳው መጀመሪያ 25 ዲግሪ፣ በኋላ ደግሞ ሌላ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ አርማታው ራሱ የሚሰበስበው ትንሽ ነገር ተጨምሮ፣ ወለሉ ግማሹን ቢከለክል፣ በአንድ ሜትር 0.195 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መድረቁን አልቆጠርኩም፤ ውኃ ይዞ ይኖራልና። ርቀቱ በፌሮው ይወሰናል። በየ20 ሲሆን 1.11 ሜትር፣ ስንጥቁ 0.22፤ ዝቅተኛው ፌሮ ስላልተሟላ ያውም ቀመሩ ራሱ አይታመንም፤ ካርዳችን ያነበበውም 0.3 ነው። በየ10 ሲሆን ርቀቱ ወደ 0.62 ሜትር ይወርዳል፣ ስንጥቁ 0.12፤ ያልፋል።

በየ15 ስንት ይመጣል? 0.17። አያልፍም።

ሥዕሌን ማንም ባይነካው ኖሮ ስንጥቁ ይቀጥናል እንጂ ማጠራቀሚያው መስፈርቱን አያሟላም ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላም «ፌሮዬን ቀነሱብኝ» የምትለዋን ክፍል ከታሪኩ ማውጣት አልሆነልኝም።

ዘጠኙን ስንጥቆች ኢፖክሲ አስገባንባቸው። የላይኛውን ግድግዳ ባለ 10 በየ10 አደረግነው። ጋሼ በበኩላቸው ማንንም ሳይጠይቁ ካሳፎርማውን አራት ቀን አቆዩት፤ ሲያነሱም በጆንያ ሸፈኑት። ከላይ ጥቂት ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ወጡ፤ ከ0.1 አልበለጡም። ውኃ ሲሞላ ላብ ላብ አሉ፤ ከዚያ ነጭ ኖራ ተፍተው ራሳቸውን ዘጉ። ሦስት ሳምንት ከተረጋጋ በኋላ በሰባት ቀን ፈተና የወረደው ውኃ አራት ሚሊ ሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው ዘጠኝ ነው።

ርክክቡ ቀን ለጋሼ ስለ ፌሮው ርቀት ላስረዳቸው ሞከርኩ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጥሩ ነው፣ ኢንጂነር» አሉ። «ግን ጆንያው ነው።»