አፕዴት ከመልቀቄ በፊት መመለሻውን መሥራት ጀመርኩ

ከባለፈው ማስታወሻዬ ወዲህ ስድስት ወር አለፈ። ለማታውቁኝ፣ የእድር ሒሳብ መያዣ አፕ እሠራለሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ በሰፈራችን እድር ነው የተጀመረው፤ አሁን የደብረ ሲና፣ የሸዋ ሮቢት፣ የሞላሌና የመሐል ሜዳ እድር ጸሐፊዎችም ይጠቀሙበታል። ወደ 600 ስልክ ላይ ተጭኗል። ዛሬ የምጽፈው አንድ አፕዴት ስላስተማረኝ ነገር ነው።

ሲጀመር አፑ መዋጮን በብር ብቻ ነበር የሚመዘግበው። የድንኳን ኪራይ ወይም የወጥ ቤት ዕቃ ወጪ ለአባላት ሲካፈል ግን ሳንቲም ይመጣል፣ ጸሐፊዎቹም በትክክል አይገጥምልንም እያሉ ሲያሳስቡኝ ከረሙ። ስለዚህ በ14ኛው ቨርዥን የገንዘቡን ዓምድ በሙሉ በ100 አባዝቼ ወደ ሳንቲም ቀየርኩት። በዚያው የደረሰኙን ገጽ የቀን አሠራር አዲስ አደረግኩት።

ሙከራም አድርጌ ነበር። 14 ጓደኞቼን በዝግ ሙከራ አስገባኋቸው፣ አምስት ቀን ተጠቀሙበት፣ ምንም አላሉም። ዓርብ ማታ ለሁሉም ለቀቅኩት።

እሁድ የእድር ቀን ነው። ከረፋዱ ላይ አንድ የሞላሌ ጸሐፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ደረሰኝ የሚለውን ስነካው አፑ ጥፍት ይላል፤ ሰው ተሰልፎ ቆሟል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ስልክዎ ምን ዓይነት ነው?» ስላቸው የቆየ ስልክ ነው፣ አንድሮይድ 7። የአፑን መዘጋት የሚመዘግበውን ክራሽላይቲክስን ከፍቼ ሳየው ይህ ተጽፏል፦

```
java.lang.NoClassDefFoundError:
Failed resolution of: Ljava/time/LocalDate;
```

ለደረሰኙ ቀን የተጠቀምኩበት `java.time` በስልኩ ውስጥ የሚገኘው ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ላሉት ስልኮች ግንባታው ላይ `coreLibraryDesugaringEnabled` የሚባለውን ማብራትና ተጓዳኙን ላይብረሪ መጨመር ያስፈልጋል። እኔ አላበራሁትም። አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚሰጠውንም ማስጠንቀቂያ ከወራት በፊት አጥፍቼው ነበር።

ጓደኞቼ ለምን አላዩትም? ሁሉም የያዙት አዳዲስ ስልክ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። አምስቱ የሙከራ ቀናት የዋሉት በወሩ መካከል ነው፤ በእድር ደግሞ ደረሰኝ የሚቆረጠው በመሰብሰቢያው ቀን ነው። አንዳቸውም ያንን ገጽ በእውነተኛ ሥራ ላይ አልከፈቱትም። አምስት ቀን ሞከርኩ እላለሁ እንጂ የተበላሸው ገጽ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልተሞከረም።

እስከዚህ ድረስ ስህተቱ የጥቂት አሮጌ ስልኮች ነበር። ቀጥዬ ያደረግኩት ግን ነገሩን አባባሰው።

ተደናግጬ የ13ኛውን ቨርዥን ኮድ እንዳለ አነሣሁና የቨርዥን ቁጥሩን፣ `versionCode`ን፣ 15 ብዬ ጫንኩት። ቁጥሩን የጨመርኩት አንድሮይድ በትልቅ ቁጥር ላይ ትንሽ ቁጥር ስለማይጭን ነው፤ ፕሌይ ስቶርም ወደኋላ የሚመልስ ቁልፍ የለውም። የድሮውን ለመመለስ የድሮውን ኮድ አዲስ ቁጥር ሰጥቶ ወደፊት መልቀቅ ነው ያለው መንገድ። ኢሙሌተር ላይ በንጹህ ጭነት ሞከርኩት፣ ሠራ፣ ለቀቅኩት። የፕሌይ ስቶርን ግምገማ አልፎ ሰው እጅ ሲገባ 14ን ተቀብሎ በሰላም ሲሠራ የነበረው ሁሉ አፑ ሲከፈት መዘጋት ጀመረ፦

```
Can't downgrade database from version 3 to 2
```

14 የስልኩን ዳታቤዝ ወደ 3ኛ ደረጃ አሳድጎታል። የድሮው ኮድ የሚያውቀው 2ን ብቻ ነው። ዳታቤዙን የሚከፍተው `SQLiteOpenHelper` ከሚያውቀው በላይ የሆነ ዳታቤዝ ሲያገኝ፣ ምን እንደሚያደርግ ካልነገራችሁት፣ አልከፍትም ብሎ ይወድቃል። በንጹህ ጭነት ይህ ፈጽሞ አይታይም፤ የሚታየው 13፣ 14፣ 15 በተከታታይ በአንድ ስልክ ላይ ሲጫኑ ነው።

ለዚህ ብዙ ሰው የሚሰጠው ፈጣን መፍትሔ በዚህ ጊዜ የሚጠራውን `onDowngrade` የሚለውን ባዶ አድርጎ ማለፍ ነው። እኔም ጻፍኩት፤ ደግነቱ ከመልቀቄ በፊት በገዛ ስልኬ ላይ ጫንኩት። የሰፈራችን እድር 84 አባል አለው፣ መዋጮው 100 ብር ነው። የወሩ ድምር 8,400 ብር መሆን ሲገባው 840,000 ብር ይላል። የድሮው ኮድ ሳንቲሙን ብር ብሎ እያነበበው ነው። አፑ አልተዘጋም፣ ምንም ስህተት አልጻፈም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ሒሳብ ያሳያል። ያ ወጥቶ ቢሆን አንድ ጸሐፊ በዚያው ላይ አዲስ ክፍያ ይመዘግባል፣ ብርና ሳንቲም በአንድ ዓምድ ይቀላቀላል፣ ከዚያ በኋላ የትኛው የቱ እንደሆነ ከዳታቤዙ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። የእድር ገንዘብ የሐዘን ቀን ገንዘብ ነው፤ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በመጨረሻ የአንድሮይድ 7ን ችግር አስተካክዬ 16ን ለቀቅኩ፤ ሁሉም ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የአሠራሬ ቅደም ተከተል ተገልብጧል፤ መጀመሪያ መመለሻውን፣ ማለትም አዲሱ ሲበላሽ የምተካበትን ቨርዥን፣ እሠራለሁ።

በተግባር እንዲህ ነው። የነበረን ዓምድ አልነካም፣ አዲስ እጨምራለሁ። ሳንቲሙን ዛሬ ብሠራው እንደዚህ ነበር የማደርገው፦

```sql
ALTER TABLE kifiya ADD COLUMN santim INTEGER;
UPDATE kifiya SET santim = birr * 100;
```

`birr` እንዳለ ይቀመጣል። አዲሱ ኮድ ሲመዘግብ ሁለቱንም ይጽፋል፣ ሲያነብ `santim`ን ያነባል። መመለሻው ቨርዥን `birr`ን ያነባል። ሳንቲሙ ለጊዜው ከዓይን ቢጠፋም ብሩ ትክክል ነው። በመመለሻው የተመዘገበ ክፍያ `santim` ላይ ባዶ ስለሚሆን፣ የተስተካከለው ቨርዥን ሲመጣ ባዶውን ፈልጎ ይሞላል። የድሮውን ዓምድ የማጠፋው አዲሱ ለሁሉም ደርሶ ሁለት የመሰብሰቢያ ቀን በሰላም ካለፈ በኋላ ነው።

መመለሻው ራሱ የድሮው ኮድ ግልባጭ አይደለም። የድሮዎቹ ገጾች ናቸው፣ ዳታቤዙ ግን 3 መሆኑን ያውቃሉ፣ ያንኑ ማሳደጊያም ይዘዋል። `onDowngrade`ን ባዶ ብተወው ስልኩ ቁጥሩን መልሶ 2 ብሎ ይጽፋል፤ በኋላ የተስተካከለው ቨርዥን ሲመጣ ዓምዱን ድጋሚ ሊጨምር ይሞክርና `duplicate column name` ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ 2 አልመለስም። ዋናውን ከመልቀቄ በፊት በአንድ ስልክ ላይ የድሮውን እጭናለሁ፣ አሥር ክፍያ እመዘግባለሁ፤ አዲሱን እጭንበታለሁ፣ አምስት እጨምራለሁ፤ መመለሻውን እጭንበታለሁ፣ ድምሩን በወረቀት ከያዝኩት ጋር አስተያያለሁ። ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሙከራውም ተቀይሯል። ከጓደኞቼ ስድስቱን አስቀርቼ በምትካቸው ስድስት ጸሐፊዎች አስገባሁ፣ ሦስቱ አንድሮይድ 7 እና 8 የያዙ ናቸው። አንዷ የደብረ ሲና ጸሐፊ ስልካቸው ማከማቻው ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ እሳቸው ያገኙልኝን ችግር ሌላ ማንም አያገኝም ነበር። የሙከራው ጊዜም በቀን ቁጥር አይለካም፣ ቢያንስ አንድ የመሰብሰቢያ እሁድ ማካተት አለበት።

ከዚያ በደረጃ መልቀቅ ይመጣል። ፕሌይ ኮንሶል አፕዴቱን ለስንት በመቶ ተጠቃሚ እንደምትለቁ ያስመርጣል፤ ሰዎቹን ግን ራሱ በዕጣ ይመርጣል። ብዙ ቦታ በ1 ወይም በ5 በመቶ ጀምሩ ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ ሚሊዮን ተጠቃሚ ላለው ነው። የእኔ 5 በመቶ 30 ስልክ ነው፤ ከሠላሳው አንድ አንድሮይድ 7 ላይኖር ይችላል። እኔ የምጀምረው በ20 በመቶ ነው። 120 ስልክ ማለት ነው ግን ወዲያው 120 አይሆንም። ብዙ ስልክ አፕዴት የሚያደርገው ዋይፋይ ሲያገኝ ነው፣ ከመንዝ ጸሐፊዎች ደግሞ ብዙዎቹ ዳታ የሚከፍቱት አልፎ አልፎ ነው። ባለፈው በሦስተኛው ቀን ስቆጥር የደረሰው 41 ስልክ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ 50 በመቶ ለመውጣት የምጠብቀው ቀኑን ሳይሆን ስንት ስልክ ላይ ደረሰ፣ ስንት ደረሰኝ ተቆረጠበት የሚለውን ነው።

መቼ እንደማቆም አስቀድሜ ጽፌዋለሁ። ጎግል መጥፎ የሚለው የመዘጋት መጠን በቀን ከተጠቃሚው 1.09 በመቶ ነው፤ በ41 ስልክ ግን አንድ ስልክ ብቻ ሲወድቅ ከ2 በመቶ ያልፋል፣ በዚህ ቁጥር መቶኛ አይረዳም። የእኔ ሕግ፦ ገንዘብ የሚነካ ገጽ በአንድ ስልክ ላይ እንኳ ከተዘጋ፣ ወይም አንድ ጸሐፊ ድምር አልገጠመም ካለ፣ አቆማለሁ። ምክንያቱን የምፈልገው ካቆምኩ በኋላ ነው።

`Halt rollout` የሚለው ቁልፍ የሚያደርገውን በደንብ እወቁት። ላልደረሳቸው እንዳይደርስ ያግዳል፤ የደረሳቸው ግን እንደያዙት ይቀራሉ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅቱ ክራውድስትራይክ የለቀቀውን ፋይል አስታውሱ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡09 ተለቀቀ፣ 2፡27 ላይ ተነሣ፤ በዚያ መካከል ግን ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ወደቀ፣ ፋይሉ መነሣቱም ብዙዎቹን አላዳናቸውም፣ ሰው ወደ እያንዳንዱ እየሄደ ፋይሉን በእጁ አጥፍቶ አስነሣቸው። ያ ዓይነቱ ፋይል በደረጃ አይለቀቅም ነበር። ለእኔ ማቆም ግማሹ ሥራ ነው፤ ቀሪው ግማሽ የተዘጋጀውን መመለሻ ለሁሉም መላክ ነው፣ እሱም ግምገማ ያልፋል፣ ሰዓታት ወይም ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ለዚያ ነው ቀድሞ ተሠርቶ የሚቀመጠው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ነው። በፊት አፕዴት ስሠራ ኤፒኬውን ቴሌግራም ላይ እለጥፍ ነበር፣ ዳታ ለሚያንሳቸው ብዬ። አንዱ ያወርዳል፣ ለሌላው በዜንደር ያቀብላል። በዚያ መንገድ የሄደን ፋይል 20 በመቶ ላይ ላቁመው ብትሉ አይቆምም። አሁን መለጠፍ አቁሜያለሁ፤ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ ደውዬ አዲሱን የሚያወርዱት ከፕሌይ ስቶር ብቻ እንዲሆን ነገርኳቸው። ዳታ የሚያንሳቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ቅር ብሏቸዋል፣ እውነታቸውን ነው፣ ለእነሱ የተሻለ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን 19ኛው ቨርዥን 20 በመቶ ላይ ነው። ትናንት ሳየው 63 ስልክ ደርሷል፣ 11ዱ አንድሮይድ 7 ናቸው። መመለሻው፣ 20 ቁጥር፣ ተሠርቶና ተሞክሮ ተቀምጧል። የፊታችን እሁድ የአምስት እድር መሰብሰቢያ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደረሰኞቹን ቆጥሬ ወደ 50 ከፍ አደርገዋለሁ።