ሁለቱ መፍትሄዎች አንድ ሆነው ሲመጡ

ቀጥታ መስመር አንድን ክብ የት የት እንደሚያቋርጥ የሚያሰላ አጭር ፈንክሽን ጽፌ ነበር። ስሌቱ ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነው ኳድራቲክ ፎርሙላ ነው። ፈንክሽኑ ደህና ይሠራል። መስመሩ የክቡን ጠርዝ ለትንሽ ብቻ ሲቆርጥ ግን ሁለት ነጥብ መምጣት ሲገባው አንድ ነጥብ ይመጣል።

ጥፋቱን ለብቻው ነጥዬ ለማየት ዊሊያም ካሃን ለዚሁ ጉዳይ ያዘጋጃቸውን ቁጥሮች ወሰድኩ። ካሃን IEEE 754 የተባለውን የፍሎቲንግ ፖይንት ደረጃ በመቅረጽ ትልቅ ድርሻ ያለው ሰው ነው። እኩልታው `a*x*x - 2*b*x + c = 0` ነው።

```
a = 94906265.625
b = 94906267.0
c = 94906268.375
```

መሃል ላይ ያለው 2 ስለሚቃለል ዲስክሪሚናንቱ `b*b - a*c` ይሆናል። ይሄን በወረቀት ማስላት ቀላል ነው። a ከ b በ1.375 ያንሳል፣ c ደግሞ በዚያው ልክ ይበልጣል። ስለዚህ ዲስክሪሚናንቱ የ1.375 ካሬ ነው፤ 1.890625። መፍትሄዎቹ 1 እና 1.000000028975958 ገደማ ናቸው።

ፓይተን ግን ዲስክሪሚናንቱን 0.0 አለኝ። ሁለቱም መፍትሄዎች 1.000000014487979 ሆነው መጡ፤ ልክ የእውነተኞቹ መሃል ላይ።

1.890625 የት ገባ? ቁጭ ብዬ በእጄ አሰላሁት። የ b ካሬ በትክክል 9007199515875289 ነው። ደብል የሚባለው ቁጥር 53 ቢት ብቻ ይይዛል። የማሽን ኢፕሲሎን፣ ማለትም በ1 እና ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቁጥር መካከል ያለው ርቀት፣ 2.22e-16 ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ክፍተቱም አብሮ ያድጋል። እዚህ መጠን ላይ ሲደርስ ክፍተቱ 2 ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ መጨረሻው 289 የነበረው ወደ 288 ተጠጋጋ። የ a እና የ c ብዜት ደግሞ መጨረሻው 287.109375 ነው። እሱም 288 ላይ አረፈ። ሁለቱ ሲቀናነሱ ዜሮ።

ልብ በሉ፣ ቅነሳው ራሱ አልተሳሳተም። 288 ሲቀነስ 288 ዜሮ ነው። ጥፋቱ የተሠራው ቀደም ብሎ፣ ብዜቶቹ ሲጠጋጉ ነው። ቅነሳው የሚመሳሰሉትን የፊት አሃዞች ሁሉ አጣፋና የቀረውን ጥፋት ገለጠው። ካታስትሮፊክ ካንስሌሽን የሚሉት ይሄን ነው። ከዚያ ስኩዌር ሩት ይመጣል፤ በኢፕሲሎን ልክ የነበረው ስህተት ወደ ኢፕሲሎን ስኩዌር ሩት፣ ወደ 1.5e-8 ገደማ ያድጋል። ከ16 አሃዝ ግማሹ የጠፋብኝ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት የታወቀውን ዘዴ ነበር፤ ትልቁን መፍትሄ አስልቶ ሌላውን በ c በኩል በማካፈል ማግኘት። ምንም አልረዳኝም። ያ ዘዴ የሚያድነው b ከስኩዌር ሩቱ ጋር ሊቀናነስ ሲል ነው። የኔ ቅነሳ ያለው ከስኩዌር ሩቱ ውስጥ ነው። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ሰዓት አስከፍሎኛል።

የሠራልኝ `fma` ነው። አባዝቶ ይደምርና የሚያጠጋጋው መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ብዜት ሲጠጋጋ የጣለውን ትርፍ መልሶ ይሰጠኛል። ፓይተን ውስጥ ከ3.13 ጀምሮ አለ።

```
from math import fma
p = b*b
q = a*c
dp = fma(b, b, -p)
dq = fma(a, c, -q)
d = (p - q) + (dp - dq)
```

`dp` 1.0 ሆነ፣ `dq` ደግሞ -0.890625። `d` 1.890625 ወጣ። አንድም አሃዝ አልጎደለም።

ደስ ብሎኝ ወደ ክቡ ተመለስኩ። ችግሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። የካሃን ቁጥሮች ትክክለኛ ናቸው፤ የኔ a፣ b እና c ግን ራሳቸው ከሌላ ስሌት ተጠጋግተው የመጡ ነበሩ። ለማረጋገጥ የካሃንን c በመጨረሻው ቢት ሁለት ደረጃ ከፍ አደረግኩት፤ ጭማሪው 0.00000003 ገደማ ብቻ ነው። ዲስክሪሚናንቱ ከ1.89 ወደ -0.94 ወረደ። እውነተኛ መፍትሄ ጭራሽ ጠፋ። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የቀመሩ አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ለሽርፍራፊ ለውጥ ስስ ነው። ኮፊሸንቱ ላይ ስህተት ካለ `fma` አይመልሰውም።

ስለዚህ ኮፊሸንቶቹን ተውኳቸውና ወደ ጂኦሜትሪው ሄድኩ። ከክቡ መሃል እስከ መስመሩ ያለውን ርቀት d በቀጥታ አሰላለሁ። የቆረጣውን ግማሽ ርዝመት ለማግኘት `r*r - d*d` በማለት ፈንታ `(r - d)*(r + d)` እጽፋለሁ፤ ስኩዌር ሩቱም ከዚህ ይወሰዳል። የሚቀናነሱት ካሬ ከመሆናቸው በፊት ስለሆነ ትርፉ አይጣልም። d እና r በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቢቶች ብቻ ሲለያዩ ግን ፈንክሽኑ ሁለት ነጥብ አለ ብሎ አይናገርም፤ «መስመሩ ክቡን ይነካል» ብሎ አንድ ነጥብ ይመልሳል።