የብሎኬት ማሽኑ በየትኛው ጎን ይመዝገብ?

ገላን ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የብሎኬት ማምረቻ የሂሳብ ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ፣ የግንቦት ወር የሂሳብ ማመዛዘኛ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረበ። የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር እኩል ስለነበር ልፈርም ብዕሬን አንስቼ ሳለ፣ ዘወትር በክሬዲት ጎን የሚቀመጠው የተከፋይ ሂሳብ በዴቢት ጎን 170,000 ብር ይዞ አየሁት። እንደ ወረደ ቢነበብ፣ ሲሚንቶና አሸዋ በዱቤ የሚያቀርቡልን ነጋዴዎች የእኛ ባለዕዳ ሆነዋል ማለት ነው። ክፍያ ፍለጋ በየሳምንቱ ደጃችን የሚቆሙት ግን እነሱ ነበሩ።

ቫውቸሮቹን ሳገላብጥ በዱቤ የገዛነውን የ400,000 ብር የብሎኬት ማሽን አገኘሁ (የተጨማሪ እሴት ታክሱን ለጊዜው ልተወው)። የመዝገብ ሠራተኛችን ተከፋይ ሂሳብን ዴቢት፣ ማሽነሪን ክሬዲት አድርጋዋለች። ምክንያቱን ስጠይቃት ስልኳን አውጥታ ደመወዟ ሲገባ ባንኩ የላከላትን መልእክት አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ገንዘብ ሲገባልኝ ባንኩ ክሬዲት ተደረገ ይላል፤ ማሽኑም ወደ እኛ የገባ ስለሆነ ክሬዲት ይሆናል ብዬ ነው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከብዙ ስህተቶች ይልቅ ይህኛው ታስቦበት የተሠራ ነበር።

ባንኩ የሚናገረው ከራሱ መዝገብ ተነሥቶ እንደሆነ አስረዳኋት። የእሷ ተቀማጭ ለባንኩ ዕዳ ስለሆነ ሲጨምር በእሱ ዘንድ ክሬዲት ይሆናል፤ ለእሷ ግን ያው ገንዘብ ንብረት ነውና በራሷ መዝገብ ብትጽፈው ዴቢት ታደርገዋለች። ማሽኑም ለእኛ ንብረት ስለሆነ ዋጋው ባይከፈልም ዴቢት ይደረጋል፤ ክሬዲት የሚሆነው ለሻጩ የገባነው ዕዳ ነው።

ከግዢው በፊት የተከፋይ ሂሳቡ ቀሪ ክሬዲት 230,000 ብር ስለነበር ወደ 630,000 ማደግ ነበረበት። ዴቢት 170,000 ላይ በመገኘቱ ልዩነቱ 800,000 ብር፣ ማለትም የማሽኑ ዋጋ እጥፍ ነው። የማሽነሪውም ሂሳብ በዚሁ መጠን ስላነሰ ድምሮቹ እኩል ሆነው ቀሩ።

ለማስተካከል በአንድ ጊዜ 800,000 ብር መመዝገብ ይቻል ነበር። ነገር ግን ኦዲተር የ400,000 ብር ደረሰኝ ይዞ የ800,000 ብር ምዝገባ ሲያይ ግራ ይጋባልና፣ መጀመሪያ የተሳሳተውን ገልብጠን ከሰረዝን በኋላ ትክክለኛውን በአዲስ ቫውቸር አስገባን።

እሷ ግን በዚያ አላቆመችም፤ የሚያዝያን ፋይል አውጥታ የዱቤ ግዢዎቹን አንድ በአንድ ስታይ፣ የ18,000 ብር ጠረጴዛና ወንበር በዚያው አኳኋን ተገልብጦ አገኘች። ያኔ የተከፋይ ሂሳቡ 36,000 ብር ቢጎድልበትም ቀሪው ከክሬዲት ጎን ስላልወጣ፣ ያንን ወር አይቼ ፈርሜበት ነበር።