1/(n ln n) በመጨረሻ ገባኝ

ሰላም ጓዶች። ትናንት ማታ ጅማ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ዶርም ቁጭ ብዬ፣ ሳምንት ሙሉ ያስቸገረኝን ሲሪስ በኢንተግራል ቴስት ጨረስኩት። ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ።

ፒ-ሲሪስ ላይ ብዙ አልቆይም። 1/n^p የሚለውን ወደ 1/x^p ቀይሮ ከ1 እስከ ኢንፊኒቲ ኢንተግሬት ማድረግ ነው። p ከ1 ከበለጠ ኮንቨርጅ ያደርጋል፤ 1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዳይቨርጅ ያደርጋል። በአንድ ቀን ገባኝ።

ጉዴ የመጣው 1/(n ln n) ላይ ነው። ln 1 ዜሮ ስለሆነ ከ2 ይጀምራል። መጀመሪያ ላፕቶፔ ላይ ደመርኩት። እስከ 1,000 ድረስ 2.73 መጣ። እስከ 1,000,000 ስሄድ 3.42 ብቻ ሆነ። «በቃ ቆሟል» ብዬ ኮንቨርጅ ያደርጋል ብዬ አስረከብኩ። ተሳስቻለሁ፤ ማርኬም ሄደ።

ከዚያ ማወዳደር ሞከርኩ። ከ1/n ያንሳል፤ ግን ዳይቨርጅ ከሚያደርግ ሲሪስ ማነሱ ምንም አይነግረንም። ከ1/n^1.01 ጋር ሳየው ደግሞ n በጣም ሲተልቅ ይበልጠዋል። ኮንቨርጅ ከሚያደርግ መብለጡም ምንም አይነግረንም። በሁለቱም በኩል በሩ ዝግ ነው።

በሩን የከፈተው u = ln x ነው። du = dx/x ስለሆነ x ከታች ይጠፋና የሚቀረው ይሄ ብቻ ነው፦

```
∫ du/u = ln u = ln(ln x)
```

ln(ln x) ወሰን የለውም፣ ስለዚህ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ግን ጉዞው እጅግ ቀርፋፋ ነው። ድምሩ 10 እንዲያልፍ n ከ4,300 በላይ አሃዝ ያለው ቁጥር መሆን አለበት! የትኛው ላፕቶፕ እዚያ ይደርሳል? ለዚህ ነው ደምሮ መፍረድ መጥፎ ዘዴ ነው የምለው። ታች ላይ n እና ln n አብረው ካያችሁ ቀጥታ u = ln x በሉ።

1/(n (ln n)^2) በዚያው መንገድ 1/u^2 ይሆናል። ያው ፒ-ሲሪስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ p = 2 ስለሆነ ኮንቨርጅ ያደርጋል። የታችኛው ወሰን 2 መሆኑ ቀርቶ ln 2 እንደሚሆን አትርሱ። ኢንተግራሉ 1/ln 2 ነው፣ ወደ 1.44። እኔ ይህን የሲሪሱ ድምር አድርጌ ጽፌው ነበር፤ አይደለም። ድምሩ ከ1.44 ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ተርም 1.04 ሲጨመርበት ከሚገኘው 2.48 ደግሞ ያንሳል። ትክክለኛው ወደ 2.11 ነው።

እስካሁን የምዘለው ነገር ቴስቱ የሚጠይቀውን፣ ፈንክሽኑ እየቀነሰ መሄዱን፣ ማረጋገጥ ነው። ለ1/(x ln x) ግልጽ ነው፤ ታች ያሉት ሁለቱም ያድጋሉ። (ln x)/x ግን እስከ e ድረስ ይጨምርና ከዚያ በኋላ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ኢንተግራሉን ከ3 ጀምሩ። ባለፈው ኩዊዝ ይህን አንድ መስመር ሳልጽፍ ወጣሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።