ፊኛ አይገለበጥም

ለአዲስ አዋላጅ ሰልጣኞች የአልትራሳውንድ ምስል አቅጣጫ ሳስተምር የምጀምረው ሆድ ላይ ከምናሳርፈው የማሽኑ እጀታ፣ ከፕሮቡ ነው። «ጎኑን በአውራ ጣታችሁ ዳብሱት፤ በአንዱ በኩል ብቻ ጉብ ያለ ምልክት ታገኛላችሁ። ስክሪኑ ላይም ከላይ ጥግ ላይ ነጥብ ወይም የማሽኑ ዓርማ አለ። ምልክቱ ባለበት ጫፍ በኩል ያለው የሰውነት ክፍል የሚታየው ነጥቡ ባለበት የስክሪኑ ጎን ነው» እላቸዋለሁ። ከዚያ ልማዱን እነግራቸዋለሁ። ለሆድና ለእርግዝና ነጥቡ በግራ ይሁን፤ ፕሮቡን በቁመት ስትይዙ ምልክቱ ወደ እናትየው ራስ፣ በአግድም ስትይዙ ወደ ቀኝ ጎኗ ይዙር። ስለዚህ በቁመት በተነሳ ምስል የስክሪኑ ግራ ራስጌ፣ ቀኙ ግርጌ ይሆናል።

ችግሩ፣ ብዙ ሰው ይዞ የሚወጣው ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ያን ዕለት ትምህርቱን ጨርሰን ወደ ልምምድ ስንገባ የ37 ሳምንት ነፍሰ ጡር መጣች። ሌላ ቦታ ታይታ «ፅንሱ በመቀመጫው ነው» የሚል ወረቀት ይዛለች። በኦፕራሲዮን እንደምትወልድ ስለተነገራት ባሏ ገንዘብ ሊበደር ገጠር ሄዷል። አንዷ ሰልጣኝ ሆዷን በእጇ መረመረችና ቀና ብላ አየችኝ፤ «ሲስተር፣ ከታች ያለው ክብና ጠንካራ ነው። እኔ ጭንቅላት ነው የምለው» አለች። እኔም ዳበስኩት፤ ጭንቅላት ነው።

ፕሮቡን ከመያዛችን በፊት የራሳችንን ማሽን ፈተንን። ጄል ቀብተን ምልክቱ ባለበት ጫፍ ላይ በጣት መታ መታ ስናደርግ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው በግራ በኩል፣ ከነጥቡ ሥር ነበር። ከዚያ ከብልት አጥንቱ በላይ በቁመት ስናይ በቀኝ በኩል ጥቁሩ የሽንት ፊኛ፣ አጠገቡ የፅንሱ ጭንቅላት ታየ። አቀማመጡ የተለመደው ነው።

ሰልጣኞቹ ወዲያው «ተገልብጦ ነዋ!» አሉ። በ37 ሳምንትም ፅንስ ሊገለበጥ ስለሚችል አባባላቸው ስህተት አልነበረም። እኔ ግን ከወረቀቱ ጋር የተያያዘውን ፎቶ አውጥቼ «ፊኛውን ፈልጉልኝ» አልኳቸው። ፊኛው በግራ ነው። ጭንቅላቱም በግራ፣ ከፊኛው ጎን። የማሽኑ ነጥብ ደግሞ ከላይ በቀኝ ጥግ ቁጭ ብሏል። ያ ማሽን ግራና ቀኙ በኢንቨርት ቁልፍ ተገላብጦ ነበር፤ በፎቶው ላይ ግራው ግርጌ ነው። ያየው ባለሙያ ጭንቅላቱን በግራ ሲያገኝ «ግራ ራስጌ ነው» ብሎ ፈረደ። ፅንሱ ያኔም ጭንቅላቱ ወደ ታች ነበር።

ወረቀቱ ላይ ስልክ ስለነበረ ደወልኩ። ሰውየው በትሕትና ሰማኝና «ሲስተር፣ እኔ እኮ ምልክቱን ወደ ራስ ነው የያዝኩት፤ በዚህ አልሳሳትም» አለ።

«አያያዝዎ ትክክል ነው። ነጥቡ ግን በቀኝ ነው።»

«እንግዲህ ልጁ ተገልብጦ ይሆናላ።»

«ልጅ ይገለበጣል፤ ፊኛ አይገለበጥም። ፎቶው ላይ ፊኛው የት ነው?»

ዝም አለ። ቆይቶ «ማሽኑን ብዙ ሰው ስለሚነካካው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚነካካውን ማሽን ሳይፈትሹ በሱ ውጤት ሰውን ለኦፕራሲዮን ማሰናዳት አሁንም ያናድደኛል። ጄል ቀብቶ ጫፉን መታ ማድረግ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ለእናትየው ልጇ አሁን በጭንቅላቱ እንደመጣ፣ የፊተኛው ፎቶም የሚያሳየው ያንኑ መሆኑን ነገርኳት። «ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉኝ?» አለች። «ምስሉ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ነው የተነበበው» አልኳት። ምጥ ሲጀምራት አቀማመጡ እንደገና እንዲታይ ወረቀቷ ላይ ጻፍኩና ባሏ ጋ በኔ ስልክ ደወልንለት።

ሰልጣኞቹ «ነጥቡ በቀኝ ከሆነ ማሽኑ ተሳስቷል ማለት ነው» ብለው ማስታወሻ ሲይዙ አስቆምኳቸው። የልብ ሐኪሞች ነጥቡን በቀኝ አድርገው መሥራት የቆየ ልማዳቸው ነው፤ በብዙ ማሽኖች የልብ ምርመራ ሲመረጥ ነጥቡ ራሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከልብ ምርመራ በኋላ ሳይቀይር ወደ ማህፀን የሚዞር ሰው ያው ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ፊኛዋ ባዶ የሆነች እናት ስትመጣ ደግሞ አቅጣጫ የሚጠቁመን ፊኛ አይታይም፤ ያን ጊዜ ምስሉን የምናስተያየው በሆድ ላይ ካለ እጃችን ጋር ነው። ስለዚህ አሁን ከኔ ጋር የሚለማመድ ሁሉ መጀመሪያ በእጁ መርምሮ ያገኘውን ይጽፋል፤ ቀጥሎ የፕሮቡን ጫፍ መታ መታ ያደርጋል፤ እናትየውን በማሽኑ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።