«ውሃ ሕይወት ነው» ብዬ የጀመርኩት ጽሑፍ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቧንቧ ሥራ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ሌሊት። በመጣ ማግስት ጠዋት ስልኬ አያርፍም። ደዋዩ ሁሉ የሚለኝ አንድ ዓይነት ነው፣ ውሃው ላይኛው ፎቅ አልደረሰም፤ እኔም የምመልሰው አንድ ዓይነት። እስኪ አንዴ ጽፌው ልገላገል አልኩና ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያም ለብሎካችን ሰው በቴሌግራም ላክሁት።

ስልኩ እንደ ድሮው መጮኹን ቀጠለ። ይባስ ብሎ ደዋዮቹ «ጽሑፍህን አይቼዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልን» ይሉና፣ እዚያው ጽሑፍ አራተኛ አንቀጽ ላይ የመለስኩትን ነገር መልሰው ይጠይቁኛል። አይተውታል፤ አላነበቡትም።

አጀማመሬ ይህ ነበር፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ የብሎካችን ነዋሪዎች። እንደሚታወቀው ውሃ ሕይወት ነው። ለሰው ልጅ ብቻ ሳይሆን ለእንስሳትና ለዕፅዋትም እጅግ አስፈላጊ ነው። ከጊዜ ወደ ጊዜ የከተማችን ሕዝብ ቁጥር እየጨመረ በመምጣቱ፣ የግንባታው ሥራም በመስፋፋቱ እንዲሁም በተለያዩ ምክንያቶች የውሃ ግፊት መቀነስ በላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች ላይ የራሱን ተጽዕኖ እያሳደረ ይገኛል።»

እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። ትምህርት ቤት ድርሰት ስንማር መግቢያ ማለት ከሩቅ ተነስቶ ወደ ጉዳዩ መቅረብ ነበር። ደብዳቤም ቢሆን ስለ ጤና ሳይጠይቁ ጉዳይ ማንሳት ነውር ነው። ደብዳቤ የደረሰው ሰው ግን የሰላምታው ርዝመት አያስጥለውም፤ ማን እንደጻፈለት ያውቃል፣ እስከ መጨረሻው ያነበዋል። በስልክ የሚያነብ ሰው አውራ ጣቱ መስታወቱ ላይ ነው፤ ሌላ መልእክት ከላይ ብቅ ካለ ይሄዳል።

ይህን የተረዳሁት ግን በሐሳብ ሳይሆን ቁጭ ብዬ በማየት ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ቡና ሲያፈሉ አይረሱኝም። «እማማ፣ እስኪ ይቺን ያንብቡልኝ» ብዬ ጽሑፉን በራሳቸው ስልክ ላይ ከፈትኩላቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ምንም ሳልናገር ጣታቸውን ብቻ አየሁ። ፊደሉን ለዓይናቸው ብለው አተልቀውታል። መስታወቱ የያዘው ወደ 30 ቃል ብቻ ነው፤ የእኔ ስልክ ላይ ግን 65 ያህል ይገባል። እሳቸው ጋ የመጀመሪያው ገጽታ የሚያልቀው «የግንባታው ሥራም በመስፋፋቱ» የሚለው ላይ ነው። ትንሽ አዩና ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄ የልጆቹ ትምህርት ነው እንዴ?»

«ኧረ ስለ ውሃችን ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ የታለ?»

የውሃችን ጉዳይ የተነሳው ከ30ኛው ቃል በኋላ ነበር። እሳቸው ያዩት ሕዝብ ቁጥርና ግንባታ ነው። ዓረፍተ ነገሩም ገና ማሰሪያውን አላገኘም። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ምክንያቱን፣ «በመምጣቱ»ን፣ «በመስፋፋቱ»ን ከፊት ከደረደርነው፣ ምን ሆነ የሚለው ከመስታወቱ በታች ይወርዳል። ረጅም ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ችግር የለውም፤ አንባቢው ከገባ ወዲያ ይታገሣል። መጀመሪያ ላይ ግን ግሡ ቶሎ መምጣት አለበት። ከዚያን ቀን ወዲህ መለኪያዬ የእማማ ስልክ ነው፤ እዚያ ላይ 30ኛው ቃል ከመድረሱ በፊት ጉዳዩ ካልተነገረ ጽሑፉን አልልክም።

ሁለተኛው ሙከራዬ ወደ ሌላው ጠርዝ ሄደ። ችግሩን ልናገር ብዬ ብሶት ጻፍኩ፤ ሌሊት ተነስቶ ባልዲ ይዞ መጠበቅ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት፣ የልጆች ልብስ ሳይታጠብ መክረሙ፣ ስምንት መስመር ሙሉ። ሰው አነበበው እንጂ! «እውነት ነው»፣ «ማን ይስማን» እያለ ብሶቱን ጨመረበት። ደግሞም ደወለልኝ፤ አሁንም አራተኛው አንቀጽ ላይ ያለውን ለመጠየቅ። ለካ ሰው ችግሩ ሲነገርለት ይጠጋል፤ ሲበዛበት ግን የሚያውቀውን ነገር እያነበበ መሆኑ ይገባውና ወይ ያማርራል ወይ ይሄዳል። ጀሪካን እንደሚከብድ ለተሸካሚው መንገር ምን ይፈይዳል?

ሦስተኛውን ከመጻፌ በፊት ያደረግኩት አንድ ነገር ነው የረዳኝ። ለሁለት ሳምንት ሰው ሲደውል የመጀመሪያ ንግግሩን እንዳለ በደብተር ላይ ጻፍኩ፤ ሳላርም፣ ሳላሳጥር። «የውሃ ግፊት ቀንሶብኛል» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። የሚሉት «መጥቷል ይላሉ፣ እኛ ጋ ግን ጠብ አላለም» ነው። ወይም «ታች ሞልተው ጨረሱ፣ እኛ እያየን ነው»። «ግፊት» የእኔ የሙያ ቃል ነው፤ የበሽታው ስም እንጂ የሕመሙ አይደለም። ታማሚው የሚያውቀው ሕመሙን ነው። ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ፦ የሚያናድዳቸው የውሃው አለመኖር ብቻ ሳይሆን ታች መኖሩ ነው። ንጽጽሩ ከጠፋ ችግሩ የሰፈር ሁሉ ችግር ይሆናል፣ የእነሱ መሆኑ ይቀራል።

ቀጥሎ የተቸገርኩት በምን ልጥራቸው በሚለው ነው። «ውሃ አልደርስ ብሎህ ከሆነ» ብል ደዋዮቼ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። «አልደርስ ብሎሽ» ብል ወንዱ የእኔ አይደለም ይላል። «እርስዎ» የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ ችግሩን ስናገር ሰውን አለመጥራት፤ ውሃውን፣ ፎቁን፣ በርሜሉን ባለቤት ማድረግ። ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ በብዙ ቁጥር፣ ወንድና ሴት በማይለየው «እናንተ»፣ ቤተሰቡን በሙሉ ማናገር።

ሦስተኛው እንዲህ ሆነ፦

«ውሃ መጥቷል። ታች ያሉት በርሜል ሞልተው ጨርሰዋል። አራተኛ ፎቅ ግን ጠብ አላለም። ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራት በፊት የፊት ለፊት ጎረቤትን በር አንኳኩ። እነሱም ጋ ከሌለ ግፊቱ አልደረሰም፤ ከቤት የሚፈታ አይደለም። እነሱ ጋ እየወረደ እዚህ ከሌለ ግን ጥፋቱ የዚህ ቤት መስመር ነው፤ የሚፈተሹት ሁለት ቦታዎች ከታች አሉ።»

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ከደብተሩ የተገለበጡ ናቸው ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ችግሩ ላይ አልቆየሁም። አራተኛው አንባቢው ያላሰበውን፣ ግን አሁኑኑ ተነስቶ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ይሰጣል። የብሶቱ ጽሑፍ ላይ የጎደለው ይህ ነበር። ሰው የሚያውቀውን ነገር ሰምቶ «ይሄ ሰው ገብቶታል» ይላል፤ ወደ ታች የሚወርደው ግን የማያውቀው ነገር ሲከተል ነው።

የመልሱ አቀማመጥም የታሰበበት ነው። እማማ ስልክ ላይ መስታወቱ የሚያልቀው «ከቤት የሚፈታ አይደለም» የሚለው አካባቢ ነው። የመልሱ ግማሽ ከላይ፣ ግማሹ ከታች። ማንም ሰው ጎረቤቱ ጋ አንኳኩቶ አንዱን ግማሽ ብቻ ይዞ አይቀመጥም። ይህ ግን ማታለል እንዳይሆን ተጠንቅቄያለሁ፤ ላይ ያለው ግማሽ ለብቻው እውነተኛ መልስ ነው። ፎቁ በሙሉ ውሃ ካጣ የእኔ መፍቻ አይጠቅምም። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል፤ አራተኛ ፎቅ 12 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ታች ያለው ሰው ሁሉ ቧንቧ ከፍቶ ሲሞላ ያ ግፊት አይተርፍም። እንዲህ ያለው ሰው የቀረውን ሳያነብ ቢሄድ አልቀየመውም። «ሚስጥሩን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ያንብቡ» የሚሉት ዓይነት አጀማመር ግን አንዴ ይሠራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ስምህን ሲያዩ ያልፉሃል።

«ሁለት ቦታዎች» የምትለው ቁጥርም ቀላል አይደለችም። መጀመሪያ «ዝርዝሩን ከታች ያገኙታል» ብዬ ነበር። እህቴ አይታ «ስንት ገጽ ነው?» አለችኝ። ሁለት መሆኑን ሲያውቅ ሰው የሚወስድበትን ጊዜ ይገምታል። ሁለቱም፣ ለማወቅ ለጓጓ፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው፣ ሰው ሳያውቅ በግማሽ የዘጋው መዝጊያና ቆጣሪው መግቢያ ላይ አሸዋና ዝገት የሚሞላባት ትንሽ ወንፊት ናቸው።

እማማን እንደገና አስነበብኳቸው። «ጠብ አላለም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስልኩን ይዘው ብድግ አሉና የጎረቤት በር አንኳኩ። ስኒዬን ይዤ ብቻዬን ቀረሁ።

መሥራቱን ያወቅሁት ግን ከጥያቄዎቹ ነው። የሚደውሉት ሰዎች ጥያቄ ወደ ታች ወረደ። «ለምን አይደርስም?» ማለት ቀረና «ወንፊቷን ራሴ ልፍታት ወይስ የቆጣሪው ማኅተም አለበት?» ማለት መጣ። (ማኅተሙን እንዳትነኩ፤ አገልግሎት ሰጪውን ነው የሚመለከተው።) ይህን የሚጠይቅ ሰው ሦስተኛውን ገጽታ አልፏል። አንዱ ደግሞ «ጎረቤትም ጋ የለም፣ ስለዚህ አትምጣ ልልህ ነው» ብሎ ደወለ። ሥራ አሳጣኝ ማለት ነው፤ ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ጽሑፉን መልሼ እንዳጠፋው መክራኛለች።

ይኸው ዘዴ ሌላ ጽሑፍ ላይ አልሠራልኝም። ስለ ሮቶ እጥበት ልጽፍ ደብተሬን ገለጥኩ፤ ስለ ሮቶ ቆሻሻ የደወለ ሰው የለም። ችግሩ አለ፣ ግን ማንም አልታመመበትም፤ ክዳኑን ከፍቶ የሚያይ የለምና። «ሮቶአችሁ ቆሽሿል» ብዬ ብጀምር የሰውን ቤት መሳደብ ይሆናል። ሰው በዓይኑ የሚያየው፣ ግን ከሮቶው ጋር ያላያያዘው ምልክት መፈለግ ነበረብኝ። ለጊዜው ያገኘሁት ጠዋት ባልዲው ሥር ረግቶ የሚቀረውን ቡናማ አተላ ነው። አጀማመሩን አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ እማማ እስካሁን ብድግ አላሉም።