የጎደላት 2,320፣ የጠየቀችው 7,000

የምሠራው ፋይናንስ ክፍል ነው፣ ፔሮል የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ጭማሪ ሊጠይቅ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እኔ ጋ ብቅ ይላል። ግንቦት ላይ የመጣችው አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ነበረች፤ ታሪኳን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ደመወዟ 18,000 ነበር። «በወር ወደ አንድ ሺህ ምናምን ይጎድለኛል፣ 2,000 ቢጨምሩልኝ በቂ ነው» አለችኝ።

በመጀመሪያ ያ «ምናምን» ስንት እንደሆነ እንይ ተባባልን። ከ18,000ው ላይ የሥራ ግብር 4,250፣ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ማለትም 1,260 ተቀንሶ እጇ የሚገባው 12,490 ነው። የኪራዩን፣ የአስቤዛውን፣ የታክሲውን፣ የልጇን ትምህርት ቤትና ለእናቷ የምትልከውን ስትደምረው 13,610 መጣ። እውነትም የጎደለው 1,120 ነው።

ግን መስከረምስ? ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ የበዓል ዶሮና ዘይት፣ የለቅሶና የሠርግ ወጪ የወር ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ ሰውም ከብድርና ቁጠባ ማኅበር የሚበደረው በዚሁ ምክንያት ነው። እሷም የ7,000 ብር ዕዳ ነበረባት። የዓመቱ እንዲህ ያለ ወጪ ሲደመር 14,400 ሆነ፣ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 1,200። እውነተኛው ጉድለት 2,320 ነበር።

አሁን ሰዉን ሁሉ የሚያሳስተው ነገር መጣ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የግብር ሠንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ ግብሩ 35 በመቶ ነው። ጡረታው ሲጨመር ከእያንዳንዱ ተጨማሪ 100 ብር 42ቱ ይሄዳል፣ 58 ብር ብቻ ይደርስሃል። 2,000 ብትጠይቅና እሺ ብትባል እጇ የሚገባው 1,160 ነው፤ ጉድለቱ ግማሽ ድረስ ይሞላና ለዓመት ዝም ትላለች። 2,320ን ለ0.58 አካፍሉት፣ 4,000 ነው። ስለዚህ ከ22,000 በታች ብትቀበል ቤቷ አይሞላም።

ግን ይሄ ቁጥር የእሷ እንጂ የአለቃ አይደለም። «ኪራይ ጨመረብኝ» ቢባል «የማን አልጨመረም?» ይላል፣ እውነቱን ነው። አለቃን የሚያናግረው የገበያው ዋጋ ነው። እሱን ማግኘት ደግሞ እኛ አገር ከባድ ነው፣ ማስታወቂያው ሁሉ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ነው የሚለው። እኔንም «የእነ እከሌ ስንት ነው?» ብላኝ ነበር፤ አልነገርኳትም። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ደመወዝ ይዞ መግባት ወሬውን ሁሉ ወደዚያ ሰው ያዞረዋል።

ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ጓደኞቿን ጠየቀች። አንዷ 22,000 አለቻት። ሌላው «17,000» ሲላት ቅስሟ ተሰብሮ መጣች፣ ከእኔ ያንሳል ብላ። መልሰሽ ጠይቂው፣ ዋናው ደመወዝ ነው ወይስ እጁ የሚገባው? አልኳት። እጁ የሚገባው ነበር! ወደ ኋላ ስናሰላው 25,800 ገደማ ይሆናል። ባንክ የምትሠራዋን ግን ከዝርዝሩ አወጣናት፣ እዚያ ለሠራተኛ የሚሰጠው የቤት ብድር በደመወዝ ብቻ አይመዘንም። ስለዚህ ገበያው ከ22,000 እስከ 26,000 ነው ብላ 25,000 ልትጠይቅ ወሰነች።

አለቃዋ ጋ የገባችው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ መጨረሻ ላይ የጠየቀ «በጀት ተዘግቷል» ይባላል። የለቀቀውን ሰው የቫት ሥራ ደርባ ስትሠራ እንደከረመች፣ ምንም ቅጣት እንዳልመጣ፣ ለዚህ ሥራ ውጭ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ ነገረችው። ስለ ኪራይ ትንፍሽ አላለችም። አለቃ መጀመሪያ «20,000 ላድርግልሽ» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አመስግና ትወጣ ነበር፤ ከ22,000 በታች እንደማይበቃት ስለምታውቅ ግን «ትንሽ ያስቡበት» ብላ ተወችው። ከሳምንት በኋላ 23,000 ላይ ተስማሙ። ቀሪውን ሁለት ሺህ በአበል መልክ ልስጥሽ ቢላት እንኳ ዋናው ደመወዝ ላይ እንዲሆን እንድትሞግት ነግሬያት ነበር፣ ምክንያቱም የጡረታም የትርፍ ሰዓትም ስሌት የሚነሳው ከዋናው ደመወዝ ነው። እሱ ግን ነገሩን አላነሳውም።

5,000 ጭማሪ፣ እጅ ላይ 2,900። ከዚህ 2,320ው ቦታው ታውቋል፤ 1,200ው የመስከረምና የበዓል ስለሆነ ሌላ የባንክ ደብተር ውስጥ ይገባል። የቀረው 580 ብር ነው። «ተጨመረልሽ አሉ!» የሚል ዘመድ መደወሉ እንደማይቀር ስለምታውቅ፣ የሐምሌ ደመወዝ ሳይገባ 580ው በየወሩ ለማኅበሩ ዕዳ እንዲቆረጥ ደብዳቤ ፈርማ ሰጠችኝ። ዕዳው በዓመት ገደማ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ላለው 580 ዕቁብ ልግባ እያለች ነው፣ እኔ ገና አልተስማማሁም።